የቀሩን አሥራ ዘጠኝ ቀናት

በካርድ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የዶክተሩ ልጅ መስኮቱ ሥር ቆማ የአባቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። ኮምፒውተሮቻችንን የምትከታተልልን ሴት በጠረጴዛዬ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዘበኛው መደርደሪያ ለማውጣት ተጠርቶ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ባዶዎቹ መደርደሪያዎች አጠገብ ነበርሁ፤ ወንበሬ ስለተያዘ የምቀመጥበት አልነበረኝም።

ክሊኒኩ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ላይ ነበር። ዶክተሩ ከሞተ አርባ ቀን ሊሆነው ነው። ልጁ አስተማሪ ናት እንጂ ሐኪም አይደለችም፤ ክሊኒኩን የሚቀጥል ሰው የለም። ቤቱ ለአከራዩ ሊመለስ፣ አልጋዎቹ ሊሸጡ ነው። እሷ ከአርባው በፊት ሁሉም ነገር ተዘግቶ እንዲያልቅ ፈልጋለች። ይህን ባትናገረውም እናውቀው ነበር።

የቀረው ሲስተሙ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ዶክተሩ የወረቀት ካርዶቹን ትቶ ውጭ አገር ካለ ድርጅት በዓመት ክፍያ አንድ ፕሮግራም ተከራየ። የሕሙማኑ ታሪክ በሙሉ ወደዚያ ገባ። አሮጌዎቹን ካርዶች አንድ በአንድ በስካነር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ተነሥተው ሲያልቁ ወረቀቶቹን ከኋላ ጓሮ አቃጠልናቸው፤ የታካሚ ምስጢር ነው፣ በየሱቁ የበርበሬ መጠቅለያ መሆን የለበትም ብሎ ዶክተሩ ራሱ ቆሞ አስቃጠለ።

ሲስተሙ በየማለዳው በአንድ ሰዓት ለዶክተሩ ስልክ የዕለቱን ቀጠሮ ይልካል። ዶክተሩ ከሞተም በኋላ መላኩን አላቆመም። ልጁ ስልኩን ያልዘጋችው ዘመድ እየደወለ ስለነበር ነው። በየማለዳው ስልኩ ጮኾ የሦስት ወይም የአራት ሰው ስም ያመጣል። «ዛሬ የሚጠብቁዎት» ይላል።

«ሁለት ምርጫ አለ» አለች የኮምፒውተሯ ሴት። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ እያነበበች በአማርኛ ነገረችን። «አንዱ አሁኑኑ ማቋረጥ ነው። ይህን ከነካሁ በዚችው ደቂቃ ይዘጋል፤ ማንም መግባት አይችልም። ሌላው የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ እንዲቆም ቀጠሮ መያዝ ነው። እሱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል ተብሎ ይጻፋል እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አይቀየርም። ትገባላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ታወርዳላችሁ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ቀኑ ሳይደርስ መመለስ ይቻላል።»

«ስንት ቀን ቀርቶታል?» አለች ልጁ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እስከዚያ ሌላ ክፍያ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም። የዓመቱ ቀድሞ ተከፍሏል። አሁኑኑ ብናቋርጠውም የቀረውን አይመልሱም። በክፍያ በኩል ሁለቱም አንድ ናቸው።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሳይነሣ፣ «እኔስ?» አለ። «እኔን የምትሰርዙኝ አሁኑኑ ነው ወይስ ወሩ ሲያልቅ?»

«ወሩ ሲያልቅ ነው፣ ጋሼ» አለች ልጁ። ከሞቱ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሰይ! እስከዚያ የጥበቃ ቤቷም ብርድ ልብሱም የእኔ ነው ማለት ነው። ማሽኑስ ቢሆን ምን አጥፍቶ ከእኔ ያንሳል?»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

«መዝገቡስ?» አልኋት የኮምፒውተሯን ሴት።

«ትናንት አውርጄዋለሁ፣ እማማ። እዚህ ፍላሽ ላይ አለ።» ትንሿን ነገር ከጠረጴዛው አንሥታ አሳየችኝ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

እኔ የማውቀው ካርድ ነው። ለምን ያን መልስ እንደሰጠሁ ለማስረዳት ያህል ስለ ካርድ ትንሽ ልጻፍ። በካርድ ክፍል የሞተ ሰው ካርድ በሕይወት ካሉት ሰዎች ካርድ መሐል አያድርም። ሞቱ የተሰማ ዕለት ካርዱ ይወጣል፤ በላዩ ላይ በቀይ ይሰመርበታል፤ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል። ይህን ሥርዓት ያበጀሁት እኔ ነኝ። በሥራው ላይ ብዙም ሳልቆይ፣ የሞተ ሕፃን ካርድ ሳላወጣ አሳድሬ በማግሥቱ ቀጠሮ ለማስታወስ ወደ ቤቱ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው እናቱ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ካርድ አላሳደርሁም።

የልጁን እጅ አየሁ። ስልኩን የያዘችው እንደዚያች እናት መሰለኝ።

«ያለቀ ነገር አይንጠልጠል» አልሁ። «አሁኑኑ ይዘጋ።»

የኮምፒውተሯ ሴት አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ልጁ አየች። «እርግጠኛ ናችሁ? ይሄኛው አይመለስም።»

«እትዬ እንዳሉት» አለች ልጁ።

ነካችው። ገጹ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ሁለት መስመር ጽሑፍ መጣ። ዘበኛው መደርደሪያውን ከአንድ ጫፍ ያዘ፤ እኔ ከሌላው ጫፍ ያዝሁለት። ሐሙስ ነበር።

ዓርብ ማለዳ ስልኩ አልጮኸም። ልጁ ደውላ ይህንኑ ነገረችኝ። ድምፅዋ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ የአንዲት ታካሚያችን ልጅ እናት መጣች።

ልጅቷን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ወርዶ የልቧን በር አበላሽቶባታል። በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ ትወጋለች፤ በየስድስት ወሩ ልቧ በአልትራሳውንድ ይታያል። ስትመጣ ሳትፈትነኝ ወደ ሐኪሙ አትገባም ነበር። «እትዬ፣ የካርድ ቁጥሬ ስንት ነው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «ዛሬም አላረጁም» ትለኛለች።

እናትየዋ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደረጃ የምታጥብ ሴት ናት። ጣሪያቸው ያፈስሳል። ዶክተሩ ይህን ስለሚያውቅ ከሌላ ቦታ የሚያመጡትን የምርመራ ወረቀት ሁሉ ተቀብሎ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። «እናንተ ቤት ዝናብ ይበላዋል፤ እኛ ጋ ይቀመጥ» ይል ነበር። እኔም በስካነር አነሣዋለሁ፤ ወረቀቱም እንደሌላው ይቃጠላል።

ያን ቅዳሜ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ደብዳቤ ይዛ መጣች። ከውጭ የሚመጡ የልብ ቀዶ ሐኪሞች አሉ፤ ለጥቂት ሕሙማን ብቻ ይሠራሉ። ልጅቷ ለመታየት ተመርጣለች። ነገር ግን የስድስት ዓመት ክትትሏ፣ መርፌዋን ሳታቋርጥ መውሰዷና የልቧ ልኬት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳየው ሁሉ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ተጽፏል። ያላቀረበ ቦታው ለሚቀጥለው ይሰጣል።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እትዬ» አለች እናትየዋ ደብዳቤውን ስትዘረጋልኝ። «እርስዎ ዘንድ ሁሉም በደንብ የተቀመጠ ነው፤ ሌላውማ ከየት ያመጣ ነበር?»

ሰኞ መጥተሽ ትወስጃለሽ አልኋት። በፍላሹ ተማምኜ ነበር።

የኮምፒውተሯ ሴት ከሰዓት በኋላ መጣች። ፍላሹን ሰክታ ከፈተችው። የአራት ሺህ ሰው ዝርዝር ነበር፤ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ መጨረሻ የመጣበት ቀን። የልጅቷን ቁጥር ነገርኋት፤ አገኘቻት። ከስሟ ትይዩ መጨረሻ ላይ ረጅም ሰማያዊ ጽሑፍ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፋይሎቿ ያሉበት አድራሻ ነው።» ነካችው። የመግቢያ ገጽ መጣ፤ የይለፍ ቃሉን አስገባች፤ የተዘጋ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ።

የይለፍ ቃሉን ደግማ አስገባች፤ ያው ሆነ። «እማማ፣ ያወረድሁት ዝርዝሩን ነው» አለች በመጨረሻ። «ፋይሎቹና የካርዶቹ ፎቶዎች ለብቻቸው ነበር የሚወርዱት። እኔ አብረው የመጡ መስሎኝ ነበር። ከፍቼ አላየሁም።»

በሲስተሙ ውስጥ ምን እንደቀረልን ጠየቅኋት። ገብታ አሳየችኝ። በባለቤቱ ስም የሚገባ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ያያል። አንደኛው የቀድሞ ክፍያዎች ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው እንደገና ጀምር የሚል ቁልፍ ነው። ሌላው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

«እንደገና ጀምሪዋ።»

«አዲስ ክፍያ ይጠይቃል። የቀሩት ቀናት ከእንግዲህ የእኛ አይደሉም። የዶክተሩ የባንክ ካርድ ደግሞ…» ሞከረችው። ካርዱ አልሠራም። ሞቱ ለባንክ ከተነገረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ባንኩ ዘግቶታል። በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ከማናችንም እጅ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ሌላውን መርጠን ቢሆን ካርድ አያስፈልግም ነበር። የተከፈለ ነበርና። ይህን የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ግን ልጁም ደርሳ ነበር፣ ሦስታችንም ያንኑ ገጽ እያየን ነው።

ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ እኮ የፈለግሁት መልእክቱ እንዲቆም ነው» አለች።

«መልእክቱን ለብቻው ማጥፋት ይቻል ነበር» አለች የኮምፒውተሯ ሴት። ክፋት ኖሯት አይደለም። «አንድ ቁልፍ ነው። አልነገራችሁኝም እንጂ።»

ልጁ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች። አባቷ መሞቱን፣ አንዲት የታመመች ልጅ እንዳለች፣ ፋይሏ ብቻ እንዲሰጣቸው ጻፈች። እኔም አብሬያት ተቀምጬ ቃል እየመረጥን ነበር የጻፍነው። እውነቱን ጻፍን። ጉዳቱም ከዚያው መጣ። በማግሥቱ ውጭ ያለ ዘመዷ እኔ በካርዴ እከፍላለሁ ብሎ ቢነሣ፣ እንደገና ጀምር የሚለው ቁልፍም ጠፍቶ አገኘነው። ድርጅቱ ትሕትና የተሞላ መልስ ልኳል። ኀዘናችንን ተካፍሏል። መረጃው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ለዘጠና ቀን ሳይሰረዝ ይቆያል፤ ነገር ግን ባለቤቱ መሞቱ ስለተነገረ ከሕጋዊ ወራሽ በቀር ለማንም አይከፈትም። በፍርድ ቤት የተረጋገጠና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ የወራሽነት ማስረጃ ይላክልን ይላል።

ያጠፉት ነገር አልታየኝም። እኔም ብሆን የማንም ካርድ በቃል አልሰጥም ነበር።

ሰኞ እናትየዋ መጣች። ልጁ ቀድማኝ ወጥታ በረንዳው ላይ አነጋገረቻት። «ሲስተሙ ተበላሽቶብናል፤ እየተሠራ ነው» ስትላት ሰማሁ። እናትየዋ አንገቷን አስግጋ ከልጁ ትከሻ በላይ እኔን አየችኝ። እኔ እንድነግራት የጠበቀች ይመስለኛል። ጎንበስ ብዬ ካርቶን ማሰር ጀመርሁ።

ለፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። አንደኛው ቀጠሮ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ስላልቀረበ ተላለፈ። በሁለተኛው ቀኝ እጄን አንሥቼ ልጁ ብቸኛ ወራሽ መሆኗን መሰከርሁ። ከዚያም ማስተርጎም፣ ማኅተም፣ መላክ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት የሆስፒታሉ አሥር ቀን አለፈ። እናትየዋ ያለ ፋይል ሄዳ ለመነች። አዲስ አልትራሳውንድ አንሥተውላት ነበር፤ የዛሬውን ያሳያል እንጂ ያለፈውን አያሳይም አሏት። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። የዚያችም ልጅ እናት አላት። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ዘበኛው እስከ ወሩ መጨረሻ ሠርቶ ተሰናበተ። ብርድ ልብሱን ይዞ ነው የሄደው።

ፋይሎቹ የመጡት ከተቋረጠ በሰባኛው ቀን ነው። ለልጁ አንድ የታሸገ ነገር ላኩላት፤ ሲከፈት የአራት ሺህ ሰው ካርድና ፋይል ነው፤ አንዱም አልጎደለም። የልጅቷን ለይቼ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ካለ ማተሚያ ቤት አሳተምሁት። ሠላሳ አንድ ገጽ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የእኔ የእጅ ጽሑፍ አለ። መርፌዋ በስድስት ዓመት አንድም ጊዜ አልተዘለለም ነበር። በክላሰር አድርጌ በታክሲ ዓለም ባንክ ሄድሁ።

ቤታቸው ከአንድ ግቢ ኋላ ያለ ሰርቪስ ነው። ጫማዬን ደፍ ላይ አወለቅሁ። ልጅቷ አልጋ ላይ ናት፤ ተጋድማ መተንፈስ ስለማትችል ሦስት ትራስ ተደርጎላት ተደግፋ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል። አየችኝና ትንፋሽዋን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ስንት ነው?»

ቁጥሯን ነገርኋት።

«ዛሬም አላረጁም» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ መናገሩ አድክሟታል።

እናትየዋ ክላሰሩን ተቀብላ ገለጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን እያንዳንዱን ገጽ አየችው። ጨርሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ሲስተሙ ተሠራ ማለት ነው?» አለች።

«አልተበላሸም ነበር።»

ቀና አለች።

«ሁለት ዓይነት መዝጊያ ነበረው» አልኋት። «አንዱ በዕለቱ የሚዘጋ ነው። አንዱ የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ነው። በዕለቱ ይዘጋ ያልሁት እኔ ነኝ። የዶክተሩ ልጅ ጠይቃኝ እኔ ነኝ ያልኋት።»

«ክፍት ሆኖ ቢቆይ ስንት ቀን ነበረው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ጣቷን ክላሰሩ ላይ እያነሣች እያስቀመጠች ቀኑን ቆጠረች።

«እኔ የመጣሁት በሁለተኛው ቀን ነበር» አለች።

«አዎ» አልሁ።

ሌላ የምትጠይቀኝ ካለ ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷ ተኝታለች ወይም የተኛች መስላለች። እናትየዋ ተነሥታ ከትራሶቹ አንዱን አስተካከለችላት፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቀረች። ደፉ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አደረግሁና ወጣሁ።